መያዣ ያለበትን የብድር ውል ከመፈረም በፊት ስለ ማንበብ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በአፍሪካ ጎዳና ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው ደምበል አካባቢ ሲደርስ ከልብስና ከጫማ፣ ከስልክና ከመብራት ዕቃ መደብሮች መካከል ብዙ የባንክ ቅርንጫፎችን ያያል። በዚህ ሰፈር ሱቅ የከፈተ ወይም ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከእነዚህ ከአንዱ መበደሩ የዘወትር ነገር ነው። የዘወትር ነገር ያልሆነው ግን የሚፈርመውን ውል አንብቦ መጨረስ ነው። ብዙው ሰው በመጀመሪያው ገጽ የገንዘቡን ልክና የወለዱን መጠን ያይና፣ በመጨረሻው ገጽ ስሙ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጎ ይፈርማል። በሁለቱ ገጾች መካከል ያለውን የሚያነበው ከባንኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በደረሰው ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንበቡ የሚረዳው ለማዘን ብቻ ነው።

ውሉን አንብቦ ለመጨረስ የሕግ ትምህርት አያስፈልግም። ሦስት ባዶ ወረቀትና አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ በየትኛው ቀን ስንት ብር እንደሚከፈል፣ በሁለተኛው ላይ ውሉን እንደ ፈረሰ የሚያስቆጥሩት ነገሮች ምን ምን እንደ ሆኑ፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ውሉ ፈርሷል በተባለ ጊዜ አበዳሪው ሊያደርግ የሚችለው ምን እንደ ሆነ ይጻፋል። ከእያንዳንዱም መስመር አጠገብ ቃሉ የተገኘበት የአንቀጽ ቁጥር ይመዘገባል። ቁጥር ያልተገኘለት መስመር የሰው አፍ የነገረው እንጂ ውሉ ያለው አይደለምና ከወረቀቱ ይሰረዛል።

ከዚህ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፣ ውል ሲባል አንድ ወረቀት ብቻ አለመሆኑ ነው። የብድሩ ውል አለ፤ የመያዣው ውል ለብቻው አለ፤ ዋስ የገባ ሰው ካለ የዋስትናው ውል አለ፤ አንዳንድ ጊዜም ባንኩ ለደንበኞቹ ሁሉ ያሳተመው ጠቅላላ ሁኔታዎች የሚል ተጨማሪ ጽሑፍ ይኖራል። የብድሩ ውል «በመያዣው ውል እንደ ተገለጸው» ብሎ አንባቢውን ወደ ሌላው ይልከዋል፤ ሌላውም መልሶ ወደዚህ ይልከዋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ካልተነበቡ በቀር ከሦስቱ ወረቀቶች አንዱም አይሞላም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ያህል አንድ ምሳሌ ይታሰብ። በደምበል አጠገብ መደብር ያለው አንድ የመብራት ዕቃ አስመጪ ከባንክ 2,400,000 ብር ተበደረ። ወለዱ በዓመት ከመቶ 18 ነው፤ መክፈያው 24 ወር ነው። መያዣ አድርጎ የሰጠው የመኖሪያ ቤቱን ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት፣ ማለት የአከፋፈሉ ሰሌዳ፣ የሚጀምረው ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ በመጠየቅ ነው። ከመቶ 18 የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። ወለዱ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነና ዋናው ገንዘብ በእኩል ከተከፋፈለ፣ ነጋዴው በየወሩ 100,000 ብር ከዋናው ይከፍላል፤ የመጀመሪያው ወር ወለድ 36,000 ብር ስለሚሆን ክፍያው 136,000 ብር ነው። በሁለተኛው ወር ወለዱ በ2,300,000 ብር ላይ ታስቦ 34,500 ይሆናል። እንዲህ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻው ወር ወለዱ 1,500 ብር፣ ክፍያውም 101,500 ብር ይሆናል። የሁለቱ ዓመት ወለድ ሲደመር 450,000 ብር ነው።

ባንኩ በየወሩ የሚከፈለው እኩል እንዲሆን ከፈለገም፣ በዚያው በቀሪው ዕዳ ላይ በሚታሰበው ወለድ፣ የየወሩ ክፍያ ወደ 119,818 ብር ግድም ይሆናል፤ ጠቅላላው ወለድም ወደ 475,600 ብር ይደርሳል። ወለዱ ትንሽ ከፍ ያለው ዋናው ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ገቢው በየወሩ እኩል ለሆነ ሱቅ ይልቁን የሚስማማ አከፋፈል ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ጥንቃቄ ይሻል። ነጋዴዎች ፍላት የሚሉት ሲሆን፣ ወለዱ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ በመነሻው 2,400,000 ብር ላይ ይታሰባል። በዓመት 432,000፣ በሁለት ዓመት 864,000 ብር ወለድ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ከዋናው ጋር ተደምሮ ለ24 ወር ሲካፈል የየወሩ ክፍያ 136,000 ብር ይመጣል። አንባቢው ልብ ይበል፤ ይህ ቁጥር በመጀመሪያው ዓይነት የመጀመሪያው ወር ክፍያ ሆኖ የታየው ያው 136,000 ብር ነው። የብድር ሠራተኛው «ጌታዬ፣ በወር 136,000 ነው የሚከፍሉት» ቢል በሁለቱም መንገድ እውነቱን ተናግሯል፤ የሁለቱ ልዩነት ግን 414,000 ብር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ብቻ ጠይቆ መሄድ ምንም አለመጠየቅ ነው። መጠየቅ ያለበት የመጨረሻው ወር ክፍያ ነው፤ በመጨረሻው ወር የሚከፈለው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆኖ፣ ድምሩም ከላይ ከተባለው ከ475,600 ብር ወለድ እጅግ ርቆ ከተገኘ፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ እንዳልታሰበ ይታወቃል።

ሰሌዳው ከውሉ ጋር ተያይዞ፣ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ መገኘት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ውሉ «ባንኩ በሚያዘጋጀው የአከፋፈል ሰሌዳ መሠረት» ይልና ሰሌዳው ራሱ አይታይም። የዕፎይታ ጊዜ ተሰጥቶ እንደ ሆነም፣ በዚያ ጊዜ ወለዱ ይቆም ወይም ይቀጥል እንደ ሆነ መመርመር ነው። በምሳሌው የሦስት ወር ዕፎይታ ቢኖር ወለዱ ሳይቆም በየወሩ 36,000 ብር ይቆጥራል። በየወሩ ከተከፈለ 108,000 ብር ነው። ሳይከፈል ቀርቶ ከዋናው ጋር የሚደመር ከሆነ ግን በአራተኛው ወር መነሻ ላይ ዋናው ዕዳ 2,400,000 መሆኑ ቀርቶ 2,509,628 ብር ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚታሰበው ወለድ ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

ስለ ቀኖቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ውሉ በአማርኛ ተጽፎ የተፈረመበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ የባንኩ የሒሳብ መሣሪያ ደግሞ በአውሮጳ ወር ሊቆጥር ይችላል። «በየወሩ በ30ኛው ቀን» የሚል ቃል በየትኛው ወር እንደ ሆነ ካልተለየ፣ ጳጉሜን ሲመጣና የአውሮጳው የካቲት ሲመጣ ጠብ ያስነሣል። በ24ቱም መስመር ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ ዘንድ መጠየቅ ባንኩን የሚያስከፋ አይደለም። ደግሞም ወለዱ በቀን ሲታሰብ ዓመቱ በ360 ቀን ነው ወይስ በ365 ቀን የሚካፈለው? በምሳሌው ብድር በ360 ከተካፈለ የአንድ ቀን ወለድ 1,200 ብር፣ በ365 ከተካፈለ 1,183 ብር ከ56 ሳንቲም ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ዕዳው ሳይቀንስ ለአንድ ዓመት ቢቆይ የ6,000 ብር ልዩነት ታመጣለች።

በዚሁ ወረቀት ግርጌ «ባንኩ የወለዱን መጠን የመለወጥ መብት አለው» የሚለው አንቀጽ ይጻፋል፤ በባንክ ውሎች ውስጥ በብዛት የሚገኝ ነውና። ይህ አንቀጽ ካለ ሰሌዳው የመጨረሻ ቃል አይደለም። መፈለግ ያለበት፣ ለውጡ ለተበዳሪው በጽሑፍ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገርና፣ ተበዳሪው ካልተስማማ ያለ መቀጫ ዕዳውን ቀድሞ ከፍሎ መውጣት ይችል እንደ ሆነ ነው። በነገራችን ላይ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ያዛል፤ ነገር ግን የባንኮች ወለድ በብሔራዊ ባንክ ሥርዓት የሚመራ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ይዞ ከባንክ ጋር መከራከር አያዋጣም። ከግለሰብ ወይም ከሌላ ነጋዴ ለተበደረ ሰው ግን ጠቃሚ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ከሦስቱ የበለጠ ትዕግሥት የሚሻው ነው። ነጋዴው ውል ፈረሰ ማለት ገንዘብ ሳይከፈል ቀረ ማለት ይመስለዋል፤ ውሉ ግን ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር ይቆጥራል። የተበደረውን ለሌላ ሥራ ማዋል፣ መያዣውን ያለ ባንኩ ፈቃድ መሸጥ፣ ማከራየት ወይም ለሌላ ማስያዝ፣ የንግድ ፈቃድን በጊዜው አለማሳደስ፣ በሌላ ባንክ ያለን ዕዳ አለመክፈል፣ የማኅበሩ አባላት መለወጥ፣ በማመልከቻው ላይ ትክክል ያልሆነ ነገር መናገር፣ የመያዣው ዋጋ መቀነስ፣ ኢንሹራንሱ መቋረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ተጽፈው ይገኛሉ። በመጨረሻም «ባንኩ ገንዘቡ አደጋ ላይ ነው ብሎ ባመነ ጊዜ» የሚል ሁሉን የሚጠቀልል ቃል ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ቃል ቢቻል «በበቂ ምክንያት» በሚል እንዲገደብ መለመን ነው፤ እምቢ ከተባለም ቢያንስ በወረቀቱ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፍ።

ሌላ ባንክ ውስጥ ያለ ዕዳ የሚለው በተለይ አስመጪን ይመለከታል። አንድ አስመጪ ሌተር ኦፍ ክሬዲት በአንድ ባንክ፣ ብድር በሌላ ባንክ ሊኖረው ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ቀድሞ በታሰበው ምንዛሪ ዕቃ ያዘዘ አስመጪ ለዚያው ዕቃ ብዙ ብር መጨመር ነበረበት። እንዲህ ባለ ጊዜ በአንዱ ባንክ የደረሰ መዘግየት፣ በሌላው ባንክ አንድም ቀን ያላሳለፈውን ብድር ጭምር ሊያፈርስበት ይችላል፤ ውሉ እንዲህ ካለ ማለት ነው።

የመያዣው ዋጋ መቀነስ ለሚለውም ከካዛንቺስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በዚያ ሰፈር ብዙ ቤቶች ሲነሡ፣ ይህ አንቀጽ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ቤቱን ላስያዘ ሰው ሁሉ ታይቷል። ውሉ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ተበዳሪው በባንኩ በተወሰነ ቀን ውስጥ ተተኪ መያዣ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ካላቀረበ በጊዜው እየከፈለ ሳለም እንኳ ውሉን እንዳፈረሰ ይቆጠራል። ቀኑ ስንት እንደ ሆነ፣ የሚከፈለው ካሣም በቀጥታ ለዕዳው ይውል ወይም ተበዳሪው ሌላ ቤት እንዲሠራበት ይለቀቅለት እንደ ሆነ አስቀድሞ መጻፍ ይገባዋል። 15 ቀን ተብሎ ከተጻፈ፣ በ15 ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ ካርታው የተጣራ ቤት አግኝቶ ማስገመት የማይቻል መሆኑን ባንኩም ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን በታላላቆቹ ሳይሆን ከትንሿ፣ ከኢንሹራንሷ ነው። የምሳሌው ነጋዴ ሦስት ወር በደንብ ከፈለ፤ ዋናው ዕዳ 2,100,000 ብር ሆነ። በዚህ መካከል የቤቱ ኢንሹራንስ ጊዜው አለፈ፤ እርሱ ዕቃ ከጅቡቲ በማስመጣት ተይዞ ነበርና አላሳደሰውም። ውሉ «ተበዳሪው ካላሳደሰ ባንኩ አሳድሶ ሒሳቡን ከተበዳሪው ይወስዳል» ስለሚል ባንኩ 14,000 ብር ከፍሎ አሳደሰለት። በአራተኛው ወር ነጋዴው በሰሌዳው መሠረት 100,000 ከዋናው፣ 31,500 ከወለዱ፣ በድምሩ 131,500 ብር በሒሳቡ አስገባ፤ ከፈልሁ ብሎም ተኛ።

ነገር ግን ውሉ የገባው ገንዘብ በመጀመሪያ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ በመጨረሻ ለዋናው ገንዘብ እንደሚውል ይናገራል። ስለዚህ 14,000 ብር ለኢንሹራንሱ፣ 31,500 ለወለዱ ሄደ፤ ለዋናው የተረፈው 86,000 ብር ነው። ዋናው ዕዳ 2,000,000 መሆን ሲገባው 2,014,000 ብር ሆኖ ቀረ፤ 14,000 ብርም ጊዜው ያለፈ ዕዳ ሆነ። እዚህ ላይ ስለ መቀጫ ወለድ የተጻፈው አንቀጽ በምን ቃል እንደ ተጻፈ ልዩነቱ ይታያል። መቀጫው ከመቶ 3 ሆኖ «ጊዜው ባለፈው ክፍያ ላይ» ከተባለ በወር 35 ብር ነው፤ ይህን ማንም ይከፍላል። «ባልተከፈለው ጠቅላላ ዕዳ ላይ» ከተባለ ግን በወር 5,035 ብር ነው። ይህም ቅጣት በሚቀጥለው ወር ከሚገባው ገንዘብ ቀድሞ ይቆረጣልና የጎደለው እየሰፋ ይሄዳል። ነጋዴው በየወሩ በሰሌዳው ልክ እየከፈለ፣ ሳያውቀው በየወሩ ባለዕዳ ይሆናል። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ደግሞ ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር ጤናማ ካልሆኑት ተርታ ይገባል፤ ይህም በብድር መረጃ ማእከል በኩል ለሌሎቹ ባንኮች ሁሉ ይታያል።

ይህን ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። በየወሩ ከባንኩ የብድር ሒሳብ መግለጫ ወስዶ፣ በእርሱ ላይ ያለውን ቀሪ ዋና ዕዳ ከሰሌዳው ጋር በመስመር ማስተያየት ነው። የከፈሉበት ደረሰኝ መኖሩ ስንት እንደ ገባ እንጂ ወዴት እንደ ሄደ አያሳይም። በምሳሌው ነጋዴው በአራተኛው ወር መጨረሻ መግለጫውን ቢያይ ኖሮ 2,014,000 የሚለውን አይቶ፣ 14,000 ብርና ጥቂት ቅጣት ከፍሎ ነገሩ ያልቅ ነበር።

በሁለተኛው ወረቀት ላይ አንድ ዓምድ መጨመር አለበት፤ ይኸውም የማስጠንቀቂያ ዓምድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1772 ባለገንዘቡ ውሉ አልተፈጸመም ብሎ ከመነሣቱ በፊት ባለዕዳውን በማስጠንቀቂያ እንዲጠይቅ ያዛል። ነገር ግን በቁጥር 1775 ተዋዋዮቹ ጊዜው ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለዕዳው እንደ ዘገየ ይቆጠራል ብለው በጽሑፍ ከተስማሙ ማስጠንቀቂያው ይቀራል። «ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ» የሚሉት ቃላት በውሉ ውስጥ የገቡት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መፍረሻ ምክንያት አጠገብ፣ ማስጠንቀቂያ አለው ወይስ የለውም፣ ለማስተካከል የተሰጠውስ ስንት ቀን ነው የሚለው ይጻፋል። ባንክ ዋናውን ክፍያ በሚመለከት ላይለቅ ይችላል፤ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ፈቃድ እድሳት ግን የ15 ወይም የ30 ቀን ጊዜ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ አይከለክልም።

በሦስተኛው ወረቀት ላይ የሚጻፈው የአበዳሪው መብት ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ዕዳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ የመጠየቅ መብት ነው። ከላይ በተባለው ምሳሌ የጎደለው 14,000 ብር ሳለ፣ ባንኩ ሊጠይቅ የሚችለው 2,014,000 ብር ይሆናል። ቀጥሎ በዚያው ባንክ ካሉት ሌሎች ሒሳቦች ገንዘብ የመውሰድ መብት አለ፤ ነጋዴው ለሠራተኛ ደመወዝ ያስቀመጠውን ጭምር። ይህ አንቀጽ ካለ የደመወዝና የግብር ገንዘብን በሌላ ባንክ ማስቀመጥ ሕጋዊም ብልህነትም ነው።

ከዚያ መያዣው ይመጣል። እዚህ ላይ አበዳሪው ባንክ መሆኑና አለመሆኑ ታላቅ ልዩነት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለተንቀሳቃሽ ንብረት በቁጥር 2851፣ ለማይንቀሳቀስ ንብረት በቁጥር 3060፣ ባለዕዳው ካልከፈለ ባለገንዘቡ በሕግ የታዘዘውን ሥርዓት ሳይፈጽም መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ አስቀድሞ የሚፈቅድ ስምምነት ዋጋ እንዳይኖረው አድርጎ ነበር። ስለዚህ ለጓደኛው ነጋዴ «በመስከረም ካልከፈልሁህ ቤቱ ያንተ ይሁን» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ቤቱ በዚያ ወረቀት ብቻ አይወሰድበትም፤ ባለገንዘቡ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

ለባንኮች ግን አዋጅ ቁጥር 97/1990 ይህን ለወጠ። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው፣ ከተበዳሪው ጋር በውል ከተስማማ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን በሐራጅ ሸጦ ባለቤትነቱን ለገዢው ማስተላለፍ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 216/1992 ደግሞ በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ካልቀረበ፣ ባንኩ ንብረቱን ለመጀመሪያው ሐራጅ በተወሰነው መነሻ ዋጋ ራሱ እንዲረከብ በውል መስማማት እንደሚቻል ጨመረ። ስለሆነም ተበዳሪው በውሉ ውስጥ እነዚህን የአዋጅ ቁጥሮች ካየ፣ የፈረመው የፍርድ ቤቱን በር አልፎ መሆኑን ይወቅ። እነዚያ 30 ቀኖች ለክርክር ሳይሆን ለመክፈል፣ ሌላ አበዳሪ ለማግኘት፣ ወይም በባንኩ ፈቃድ ቤቱን ራሱ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ የተሰጡ ናቸው። ባንኩ የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ቢያደርስ አዋጁ የሚሰጠው መፍትሔ የጉዳት ካሣ ነው፤ ካሣ ደግሞ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው ወረቀት ላይ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይጻፉ። አንደኛው ማስጠንቀቂያው በየትኛው አድራሻ እንደሚላክ ነው። ውሉ «በመጨረሻ በታወቀው አድራሻ የተላከ እንደ ደረሰ ይቆጠራል» ካለና ነጋዴው ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር ከተዛወረ፣ 30ው ቀን በተዘጋ በር ላይ ተቆጥሮ ያልቃል። ሁለተኛው የሐራጁ መነሻ ዋጋ በማን ግምት እንደሚወሰን ነው። ብድሩ በተሰጠ ጊዜ የተገመተው ዋጋ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለውን አያሳይምና፣ በሐራጁ ጊዜ አዲስ ግምት እንዲደረግና ተበዳሪውም ግምቱን እንዲያውቅ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቤቱ ተሸጦ ከዕዳው፣ ከወለዱና ከወጪው የተረፈ ካለ ለተበዳሪው ይመለሳል። ከጎደለ ግን ዕዳው በቤቱ መሸጥ አያልቅም፤ ባንኩ በቀረው ልክ ሌላ ንብረቱንና ዋሶቹን ሊከስ ይችላል። ዋሱም ዋስ የገባበት ከፍተኛ ገንዘብ ልክ በዋስትናው ላይ ካልተጻፈ ሕጉ ዋስትናውን እንደማይቀበለው ያስታውስ።

መያዣው ቤት ሳይሆን ዕቃ፣ መሣሪያ ወይም ከደንበኞች የሚሰበሰብ ገንዘብ ከሆነ፣ ነገሩ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ይመራል። በዚህ አዋጅ የዋስትናው መብት በመዝገብ ይመዘገባል፤ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ በነጋዴው እጅ ሆኖ እየተሸጠም መያዣ ሊሆን ይችላል። እዚህ የሚፈለገው ቃል፣ አበዳሪው ያለ ፍርድ ቤት ዕቃውን እንዲረከብ ተበዳሪው አስቀድሞ የፈቀደበት አንቀጽ ነው። መጋዘኑ የሌላ ሰው ዕቃ ጭምር ያለበት ከሆነ ደግሞ በውሉ «በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ሁሉ» መባሉ የጎረቤትን ሸቀጥ ወደ ጠብ ይጨምራል። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ይህን መዝገብ ቢመለከት አይጸጸትም።

በመያዣው ውል ላይ መታየት ያለባቸው ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ሕጉ በቁጥር 3045 መያዣው የሚያረጋግጠው ገንዘብ ልክ በብር ተለይቶ እንዲጻፍ ያዛል። ይህ ልክ ከብድሩ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከበዛ፣ ወይም «ተበዳሪው አሁንና ወደፊት ላለበት ዕዳ ሁሉ» የሚል ቃል ካለ፣ ይህ ብድር ተከፍሎ ቢያልቅም ቤቱ ለሚቀጥለው ብድር እንደ ተያዘ ይቀራል። ሁለተኛው የትዳር ጓደኛ ፊርማ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለት በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይያዝም። ባለቤቱ ወይዘሮ ልትፈርም ስትጠራ «ለፎርማሊቲ ነው» ተብሎ ከሚነገራት ይልቅ፣ ሦስቱ ወረቀቶች አብረው ቢነበቡላት ይሻላል፤ የሚያዘው ቤት የእርሷም ነውና።

ዕዳው ተከፍሎ ባለቀ ቀን የሚቀር አንድ ሥራ አለ። መያዣው በመዝገብ የገባ ስለሆነ ዕዳው በማለቁ ብቻ ከመዝገቡ አይጠፋም፤ ሕጉ በቁጥር 3058 ምዝገባው ለ10 ዓመት እንደሚጸና ይናገራል። ነጋዴው ከባንኩ ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽና ዕገዳው እንዲነሣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ወስዶ፣ ካርታው በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ማሰረዝ አለበት። ባንኩ ይህን ደብዳቤ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚሰጥ ውሉ ካልተናገረ፣ ቀኑን በሦስተኛው ወረቀት ግርጌ ጽፎ፣ ከመፈረሙ በፊት በውሉ ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ነው።